አዲስ የገቡበት የሙያ ግሩፕ፦ ራስን ከማስተዋወቅ እስከ ማስታወቂያ

በቴሌግራም የሙያ ግሩፖች አዲስ ገቢ የሚመዘነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት መልእክቶቹ ነው። እንደ ሥራ ባልደረባ የገባ ሰው ጥያቄው ይመለስለታል። ደንበኛ ፍለጋ የመጣ የመሰለ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ቁም ነገር ቢጽፍም አንባቢ አያገኝም። እዚህ የምንዘረዝረው አሠራር የሒሳብና የግብር ባለሙያዎችን ግሩፕ ምሳሌ ያደረገ ነው። ለመሐንዲሶች፣ ለፋርማሲስቶች ወይም ለጉምሩክ አስተላላፊዎች ግሩፕ ሲሆን የሚለወጠው የጥያቄው ይዘት ብቻ ነው።

1. ሊንኩን ከመንካትዎ በፊት ፕሮፋይልዎን ያስተካክሉ

ብዙ የሙያ ግሩፖች ሊንኩ ሲነካ ቀጥታ አያስገቡም፤ Request to Join የሚል ቁልፍ ያመጣሉ። አድሚኑ ጥያቄዎን ሲከፍት የሚያገኘው ስምዎን፣ ፎቶዎንና ባዮዎን ነው። በአንድ ፊደል ወይም በልብ ምልክት የተሰየመ፣ ፎቶ የሌለው አካውንት ሲመጣለት ባለሙያ ይሁን አጭበርባሪ የሚለይበት ነገር ስለሌለው ያልፈዋል። ጥያቄያቸው ሳምንት ሙሉ ሳይመለስ የቀረ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስምዎን ከአባት ስም ጋር ይጻፉ። ፎቶው ፊትዎ የሚታይበት ይሁን፤ የድርጅት አርማ ካደረጉ ገና ምንም ሳይናገሩ ማስታወቂያ ይመስላሉ። ለባዮ ቴሌግራም የሚፈቅደው 70 ፊደል ነው፤ ሙያ፣ ዘርፍና ከተማ ለመጻፍ ይበቃል፦

«አካውንታንት፣ አስመጪና ላኪ ዘርፍ፣ አዳማ»

ቀጥሎ Settings ውስጥ Privacy and Security ይግቡና Phone Number የሚለውን ይመልከቱ። Everybody ላይ ከሆነ ግሩፑ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው ስልክ ቁጥርዎን ያያል ማለት ነው፤ Nobody ያድርጉት። በዋትስአፕ ግሩፕ ግን ቁጥርዎ ለአባላቱ ስለሚታይ፣ ሁለተኛ ቁጥር ካለዎት በሥራ ስልክዎ መግባት ይሻላል።

2. ገብተው ወዲያው አይጻፉ

አንዳንድ ግሩፕ እንደገቡ ቦት አንድ ቁልፍ እንዲነኩ ወይም ቀላል ድምር እንዲመልሱ ያዝዎታል። ይህ የተደረገው በራሳቸው የሚገቡ የማስታወቂያ አካውንቶችን ለማስቀረት ነው። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካልመለሱ ያስወጣዎታል ወይም እንዳይጽፉ ይዘጋብዎታል፤ ስለዚህ ስብሰባ ሊገቡ ሲሉ ሊንኩን አይንኩ።

ከዚያ ከላይ የተሰካውን መልእክት ያንብቡ። ፒን የተደረጉት ብዙ ከሆኑ ደጋግመው ሲነኩ ወደቀደሙት ይወስድዎታል። ደንቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከታች፣ በቅርብ ጊዜ ከተሰካው የስብሰባ ጥሪ ሥር ነው። በመጻፊያው ቦታ ሰዓት ወደ ታች ሲቆጥር ካዩ ደግሞ አድሚኑ Slow Mode አብርቷል ማለት ነው፤ አንድ መልእክት ከላኩ በኋላ ሌላ እስኪልኩ ድረስ ከጥቂት ሴኮንድ እስከ 1 ሰዓት ሊያስጠብቅዎት ይችላል። እንዲህ ባለ ግሩፕ «ሰላም» ብሎ ልኮ ጥያቄውን በሚቀጥለው መልእክት ላስከትል ያለ ሰው ጥያቄውን ሳይጠይቅ ይቀራል።

ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብለው ያንብቡ። የሚያዩት አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ግሩፕ አዲስ ገቢ ራሱን ያስተዋውቃል ወይ? በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ባሉበትና አባላቱ በሚተዋወቁበት ግሩፕ አዎ፣ ይጠበቃል። ከ10,000 በላይ አባላት ባሉበት ግን ማንም ራሱን አያስተዋውቅም፤ በቀን የሚገባው ሁሉ ቢያስተዋውቅ ጥያቄዎቹ ይዋጣሉ። እንዲህ ባለው ግሩፕ መተዋወቂያዎ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ የምትገባ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትሁን፤ «የኮንስትራክሽን ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው» ብቻ።

3. ራስን ማስተዋወቅ

ጥሩ መተዋወቂያ በስልክ ስክሪን ላይ ሳይጎተት የሚታይ፣ ከአምስት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ ነው። በውስጡ ሦስት ነገር ይኖረዋል፦ ምን ይሠራሉ፣ ሰዎች በምን ሊጠይቁዎት ይችላሉ፣ ለምን መጡ። ከሦስቱ የሚዘለለው መካከለኛው ነው፤ ከወር በኋላ ሰዎች የሚያስታውሱዎት ግን በእሱ ነው። ለምሳሌ፦

«ሰላም ለሁላችሁም። እገሊት እባላለሁ፤ አዳማ፣ በአንድ የኮንስትራክሽን ዕቃ አስመጪ ድርጅት አካውንታንት ነኝ። ስድስት ዓመት የሠራሁት በአብዛኛው በዕቃ ክምችትና ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስሌት ላይ ነው፤ በዚህ በኩል የምታነሱት ካለ የማውቀውን እመልሳለሁ። የገባሁት ከፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ወደ ሌላ ሲስተም የተሸጋገሩ ሰዎች የሚገጥማቸውን ለመከታተል ነው። ስለተቀበላችሁኝ አመሰግናለሁ።»

ይህን ከሚከተለው ጋር ያስተያዩ፦

«የተከበራችሁ የግሩፑ አባላት፣ ድርጅታችን በሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ በኦዲት፣ በግብር ማማከርና በሥልጠና የረጅም ዓመት ልምድ ያለው ሲሆን ማንኛውንም አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ እንሰጣለን። በሚከተሉት ስልኮች ይደውሉልን…»

ሁለተኛው ጽሑፍ ትሕትና አላነሰውም። ችግሩ ከአገልግሎት ዝርዝሩ ውስጥ ማንም ሊጠይቀው የሚችል አንድ የተለየ ነገር አለመኖሩ ነው። ስልኩም ማንም ሳይጠይቅ መጣ። የሒሳብ ባለሙያዎች ግሩፕ ውስጥ የተሰበሰቡት ሰዎች ደግሞ የሒሳብ አገልግሎት ገዢዎች አይደሉም፤ ራሳቸው ሻጮች ናቸው። ስለዚህ ጽሑፉ ደንብ መጣሱ ሳያንስ ደንበኛም አያመጣም።

የአሠሪዎን ስም መጻፍ ግዴታ የለብዎትም፣ እኛም አንመክርም። ስሙን አንዴ ከጻፉ ከዚያ በኋላ ስለ ግብር አስተያየት በሰጡ ቁጥር ድርጅቱ እንደተናገረ ሊቆጠር ይችላል፤ ስክሪንሾት ተነሥቶ አለቃዎ ዘንድ ሲደርስም ማስረዳቱ የእርስዎ ሥራ ይሆናል። «የግል አስመጪ ድርጅት»፣ «የመንግሥት መሥሪያ ቤት» ማለት ይበቃል። ሲቪም አይለጠፍም። ሥራ እየፈለጉ ከሆነና ደንቡ ከፈቀደ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ይናገሩት።

አማርኛ ሲጽፉ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ግሡ ጾታና ክብር ይለያል። ዩዘርኔሙን ብቻ ለሚያዩት ሰው «ንገረኝ» ብለው ከጻፉ ሴት ልትሆን፣ ወይም በሙያው ሠላሳ ዓመት የቆየ አዛውንት ሊሆን ይችላል። ራሱ «አንተ በለኝ» እስኪል ድረስ «እርስዎ» ይበሉ፣ ለሁሉም ሲጽፉ «እናንተ»። «ወንድሜ»፣ «ጋሼ» የሚለውም ሰውየው ማን እንደሆነ ካወቁ በኋላ ይምጣ።

4. የመጀመሪያው ጥያቄ

መጀመሪያ ይፈልጉ። የግሩፑን ስም ነክተው Search የሚለው ውስጥ ቁልፍ ቃሉን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያስገቡ፤ መዝገብን ከባንክ መግለጫ ጋር ማመሳከር «ማስታረቂያ» ተብሎ ካልተገኘ reconciliation ተብሎ ሊገኝ ይችላል። የእርስዎም ጥያቄ ነገ በሌላ ሰው ሊፈለግ ስለሚችል አማርኛውን በግዕዝ ፊደል ይጻፉ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛን እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ስለሚጽፈው ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የድምፅ መልእክትም እንዲሁ አይፈለግም፣ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰውም ከፍቶ አያዳምጠውም።

አሁን ጥያቄው ራሱ። «ሰላም፣ ፒችትሪ የሚችል ሰው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚችሉት ሁሉ ዝም ይላሉ፤ «አለሁ» ያለ ሰው ምን እንደሚመጣበት አያውቅምና። ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦

«ሰላም። የሰኔ ወር የባንክ ማስታረቂያ ስሠራ መዝገቡ ከባንኩ በ3,600 ብር በልጦብኛል። ያልተመነዘሩ ቼኮችን ቀንሻለሁ፣ የባንኩን የአገልግሎት ክፍያ መዝግቤያለሁ፣ የግንቦቱ ማስታረቂያ ልክ ነበር። 3,600 ብር የሆነ አንድ ግብይት ፈልጌ አላገኘሁም፤ የ1,800 ብርም የለም። ቀጥሎ የት ልፈልግ?»

ይህ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በውስጡ መነሻ ስላለ ነው። ግንቦት ልክ ከሆነ ስሕተቱ የሰኔ ነው። የ1,800 ብር አለመኖሩ ደግሞ የዴቢትና የክሬዲት መገለባበጥን ያስቀረዋል፤ በተገላቢጦሽ የተመዘገበ ሒሳብ የራሱን እጥፍ ልዩነት ያመጣልና። ልምድ ያለው አንባቢ ሌላም ያያል፦ 3,600 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ይህ ብዙ ጊዜ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው መጻፋቸውን ይጠቁማል። «በ3,600 የሚለያዩ፣ አኃዛቸው የተቀያየረ ቼኮች ፈልጊ» ብሎ በአንድ መስመር ይመልሳል። ጠያቂዋም በ8,450 ብር የተመነዘረ ቼክ በመዝገቡ 4,850 ተብሎ ታገኘዋለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል። መልሱ ከተገኘ በኋላ በራስዎ የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ ሪፕላይ አድርገው «ተገኝቷል፤ 8,450 የነበረው ቼክ 4,850 ተብሎ ተመዝግቦ ነው» ብለው ይጻፉ። «አመሰግናለሁ» ብቻ ከሆነ የጠቆመው ሰው ትክክል መሆኑን አያውቅም፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚፈልገውም ሰው ጥያቄውን እንጂ መልሱን አያገኝም።

ስክሪንሾት ሲያያይዙ የድርጅቱን ስም፣ ባለ10 አኃዙን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ይሸፍኑ። የሚሸፍኑት በማድመቂያ ብዕር አይሁን፤ ጥቁር ቢመስልም ብርሃን ስለሚያሳልፍ ብሩህነቱ ሲጨመር ሥሩ ያለው ይነበባል። ሙሉ በሙሉ በሚደፍን ሣጥን ይሸፍኑት፣ ወይም የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ቆርጠው ይላኩ። የፊደል ስሕተት ካዩ አዲስ መልእክት አይላኩ፤ ቴሌግራም እስከ 48 ሰዓት ድረስ የላኩትን እንዲያርሙ ይፈቅዳል፣ ማረሙም የማንንም ስልክ ድጋሚ አያስጮህም።

መልስ ካልመጣስ? በአንድ የሥራ ቀን ካልተመለሰ አንድ ጊዜ፣ አዲስ መረጃ ጨምረው ያስታውሱ። ሐምሌ ላይ፣ በጀት ዓመት ተዘግቶ ሁሉም በግብር ማሳወቂያ ሲጣደፍ፣ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅም ያለ ነው።

5. ሳይጠየቁ ማስታወቅ፦ ምን ይቆጠራል?

መለኪያው ቀላል ነው፤ ይህን ጽሑፍ የላኩት ሰው ስለጠየቀዎት ነው ወይስ እርስዎ ስለፈለጉ? በግልጽ «አገልግሎት እንሰጣለን» የሚለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። አዲስ ገቢዎችን የሚያስባርሩት ግን ማስታወቂያ የማይመስሏቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ከራስ ቻናል ፎርዋርድ ማድረግ ነው። ጽሑፉ ጠቃሚ ቢሆንም ከላዩ የቻናሉ ስም ስለሚታይ ለቻናሉ ተከታይ መሰብሰቢያ ሆኖ ይነበባል። ማካፈል የፈለጉት መረጃው ከሆነ ፍሬ ነገሩን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር እዚያው ይጻፉት።

ሁለተኛው መልስን ግማሽ ሰጥቶ «ዝርዝሩን ኢንቦክስ» ማለት ነው። ጥያቄው በአደባባይ ተጠይቋል፣ መልሱን የሚጠብቁትም ብዙ ናቸው። የጠያቂው ምሥጢር ከሌለበት በስተቀር መልሱ እዚያው ይሰጥ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። አንዱ «ጥሩ የሒሳብ ሶፍትዌር የምታውቁ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው በደቂቃ ውስጥ ከነሊንኩ ይመልሳል፤ ሁለቱም የአንድ ድርጅት ሰዎች ናቸው። አድሚኖች የሁለቱ አካውንት የገባበትን ቀን ሲያዩ ይነቁበታል፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ይወጣሉ። በእውነት ሶፍትዌር ሻጭ ከሆኑና ጥያቄው በተፈጥሮው ከመጣ ግን መመለስ ይችላሉ፤ «እኔ ይህን ሶፍትዌር እሸጣለሁ፣ ስለዚህ አስተያየቴን በዚያው መጠን ውሰዱት» ብለው ይጀምሩና የማይሠራውንም ይናገሩ፤ «ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት አይሆንም» እንደማለት። ይህን የጻፈ ሻጭ ይታመናል።

አራተኛው የአባላቱን ዝርዝር ከፍቶ ለእያንዳንዱ በኢንቦክስ መላክ ነው። ከግሩፑ መባረር ትንሹ ጉዳት ነው። የደረሳቸው ሰዎች Report Spam ሲነኩ መልእክቱ ለቴሌግራም ይደርሳል፤ አካውንትዎ ከተገደበ የማያውቋቸውን ሰዎች ማነጋገርም ሆነ በሕዝብ ግሩፖች መጻፍ አይችሉም። ገደብ እንዳለብዎት @SpamBot ላይ ገብተው ማየት ይቻላል። ቁጥርዎን ለሥራ የሚጠቀሙበት ከሆነ ይህ ከነባር ደንበኞችም ሊያቆራርጥዎት ይችላል።

ኢንቦክስ ካነሣን፣ የሥራ ጉዳይ ሳይኖር የሴት ባለሙያ ፎቶ አይቶ «ሰላም ነሽ?» ብሎ መጻፍ በብዙ ግሩፖች ሴቶች ዝም እንዲሉ ያደረገ ነገር ነው። ኢንቦክስ መግባት ካለብዎት መጀመሪያ ግሩፑ ላይ ያስፈቅዱ፣ ሲጽፉም ሰላምታውንና ጉዳዩን በአንድ መልእክት ያድርጉት።

6. የሚሸጡት ነገር ካለ በፈቃድ ይለጥፉ

ለጀማሪ አካውንታንቶች የባንክ ማስታረቂያ ሥልጠና በክፍያ ይሰጣሉ እንበል። ደንቡ የማስታወቂያ ቀን ከወሰነ በዚያ ቀን ይለጥፋሉ። ስለ ማስታወቂያ ምንም ካላለ ዝምታውን እንደ ፈቃድ አይውሰዱት፤ ለአንዱ አድሚን ይጻፉ፦

«ሰላም። የግሩፑ አባል ነኝ፤ የባንክ ማስታረቂያ ሥልጠና በክፍያ እሰጣለሁ። አንድ ጊዜ መለጠፍ ይፈቀድልኛል? ጽሑፉን ከታች አያይዣለሁ። ካልሆነም ችግር የለውም።»

ጽሑፉን አብሮ መላክ ነገሩን ያፋጥነዋል፤ አድሚኑ ምን እንደሚመጣ ስለሚያይ በ«እሺ» ወይም በ«ይህን አውጣ» ይመልሳል። ለሦስት አድሚኖች በአንድ ጊዜ አይላኩ፤ አንዱ ፈቅዶ ሌላው ከከለከለ ጠቡ በእርስዎ ምክንያት ይሆናል። የሚለጠፈው እንዲህ ይሁን፦

«ማስታወቂያ (በአድሚን ፈቃድ)። የባንክ ማስታረቂያ ሥልጠና ለጀማሪዎች። አራት ማክሰኞ ምሽት፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3፡30፣ በኢትዮጵያ ሰዓት፣ በዙም። ዋጋ 2,500 ብር። አሠልጣኙ እኔ ነኝ። ፒችትሪን ከመነሻው ለመማር ለሚፈልግ አይሆንም፤ መሠረታዊውን የሚያውቅ ብቻ ይመዝገብ። መመዝገብ የሚፈልግ በኢንቦክስ ይጻፍልኝ።»

ዋጋው ይጻፍ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ሰውን ያሸሻል፤ ሃያ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ እዚያው ሲጠይቅም ግሩፑ ይረበሻል። ሰዓቱ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት» የተባለው ውጭ አገር ላሉ አባላት ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በአዲስ አበባ ማለት በስልክ ላይ 20:00 ነው፣ ዋሽንግተን ላሉት እንደ ወቅቱ እኩለ ቀን ወይም አንድ ሰዓት አልፎ ይሆናል። ያልተገለጸ «2 ሰዓት» ሰው በማለዳ አስነሥቶ ያስጠብቃል። ከለጠፉ በኋላ «ቀርቷል 3 ቦታ»፣ «ነገ ይጀመራል» እያሉ አይመለሱ፤ የተፈቀደልዎ አንድ ጊዜ ነው። የሚጨመር ካለ ያንኑ መልእክት ያርሙት።

7. መልእክትዎ ቢጠፋ

አድሚን ያለ ማስጠንቀቂያ መልእክትዎን ሊሰርዝ ይችላል። ግሩፑ ላይ «ማን ሰረዘው?» ብለው አይጠይቁ፤ ጥያቄው ራሱ ሁለተኛ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። ለአድሚኑ አንድ መልእክት ይጻፉ፦ «ከሰዓት በኋላ የላክሁት ተሰርዟል፤ የትኛውን ደንብ እንደጣስሁ ቢነግሩኝ አስተካክላለሁ።» መልስ ካልመጣ ሁለተኛ አይጻፉ፣ በሌላ አካውንትም አይመለሱ።

ማስታወቂያዎ ጨርሶ ካልተፈቀደ የቻናልዎን ስም ባዮዎ ላይ ያስቀምጡና ግሩፑ ውስጥ ጥያቄ መመለስዎን ይቀጥሉ። መልስዎ የጠቀመው ሰው ስምዎን ነክቶ ባዮውን ያያል፤ ቻናሉን የሚያገኘው ፈልጎ ስለሆነም ግሩፑ ውስጥ ማንም ቅር አይለውም።